የቀን ሽያጭን ከእጅ ጽሑፍ ዝርዝር መደመር፦ ድፍን ብር፣ ሽልንግና ስሙኒ ሲቀላቀሉ

አክስቴ ሽንኩርትና ቲማቲም በመደብ ላይ ትሸጣለች። ማታ ወደ ቤት ስትገባ ከመቀነቷ አንድ የደብተር ቅጠል፣ ከዘንቢሏ ደግሞ ብር የተሞላ የብስኩት ጣሳ አውጥታ ትሰጠኛለች፤ ጣሳውን «ሣጥን» እያልን እንጠራዋለን። ቅጠሉ ላይ ቀኑን ሙሉ የሸጠችው በየመስመሩ ተጽፏል። ግርጌው ላይ ከመነሣቷ በፊት የቆጠረችው ብር በኖቱና በሳንቲሙ ዓይነት ሰፍሯል፤ በጠርዙ ደግሞ ለማን ምን እንደከፈለች፣ ማን በዱቤ እንደወሰደ በአጭር በአጭሩ ተጭሯል። ከዚህ ሁሉ «ዛሬ ስንት ሸጥኩ?» ለሚለው ጥያቄ አንድ ቁጥር ማውጣት የእኔ ሥራ ነው።

ይህ መመሪያ ያንን ቁጥር በሁለት መንገድ አግኝቶ እርስ በርስ ማመሳከርን ያሳያል። አንደኛው መንገድ የሽያጩን መስመሮች መደመር ሲሆን፣ ሁለተኛው በሣጥኑ ውስጥ ካለው ገንዘብ ተነሥቶ ወደ ሽያጩ መመለስ ነው። በአንዱ መንገድ ብቻ የተገኘ ድምር ትክክል ይሁን ስሕተት የሚታወቅበት ዘዴ ስለሌለ፣ ሁለቱንም መሥራት ጊዜ ቢወስድም ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ። በምሳሌነት የማቀርበውን የአንድ ቀን ሒሳብ ለማሳየት እንዲመች አስተካክዬዋለሁ፤ አሠራሩና የስሕተቶቹ ዓይነት ግን በየማታው የሚያጋጥመኝ ነው።

ብዕር ከማንሣት በፊት፦ የትኛው ቁጥር ምንድን ነው?

ቅጠሉን እንደተቀበሉ ወዲያው መደመር አይጀምሩ። አስቀድመው እያንዳንዱ ቁጥር የሽያጭ፣ የቆጠራ ወይም የጠርዝ ማስታወሻ መሆኑን ይለዩ። እኔ በሽያጭ መስመሮቹና በቆጠራው መካከል ወፍራም መስመር አሰምራለሁ፤ የጠርዝ ማስታወሻዎቹን ደግሞ ወደ ሌላ ወረቀት ገልብጬ በቅጠሉ ላይ እከብባቸዋለሁ። የተከበበ ቁጥር በስሕተት ከሽያጩ ጋር አይደመርም።

በዚህ ጊዜ በጥንቃቄ መታየት ያለበት የሳንቲሙ አጻጻፍ ነው። አንዳንዱ ነጋዴ ሃያ ሁለት ብር ከሃምሳ ሳንቲምን በነጥብ 22.50 ብሎ ይጽፋል፤ አንዳንዱ ደግሞ በሕዝባር 22/50 ያደርገዋል። አክስቴ የሁለተኛው ወገን ናት። ሕዝባሩ ሁለት ጣጣ አለው። የመጀመሪያው በሞባይል ካልኩሌተር ላይ እንደተጻፈው ሲነካ ማካፈል መሆኑ ነው፤ 22/50 ተብሎ ሲገባ መልሱ 0.44 ይሆንና ሃያ ሁለት ብር ከምናምን ሳይታወቅ ከድምሩ ይጠፋል። ሁለተኛው ደግሞ 2/50 የሚል ጽሑፍ ሲገኝ ሁለት ብር ከሃምሳ ሳንቲም ነው ወይስ ሁለት ባለ ሃምሳ ብር ነው የሚለው ነው። በሽያጩ ክፍል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ብርና ሳንቲም ነው፤ በቆጠራው ክፍል ከሆነ ግን ኖቶች ሊሆኑ ይችላሉ። በሁለቱ ንባቦች መካከል ዘጠና ሰባት ብር ከሃምሳ ሳንቲም ልዩነት ስላለ በግምት አይታለፍም፤ ጸሐፊዋን መጠየቅ ያስፈልጋል።

በነጥብ የሚጽፉትም ቢሆኑ 22.5 ብለው የሚተዉበት ጊዜ አለ። ይህ ሃምሳ ሳንቲም እንጂ አምስት ሳንቲም አይደለም። አምስት ሳንቲም ከሆነ 22.05 ተብሎ መጻፍ ነበረበት። ስለዚህ ዝርዝሩን ሲገለብጡ ሳንቲሙን ሁልጊዜ በሁለት አኃዝ ይጻፉ፤ ሳንቲም በሌለበትም ላይ 00 ያስቀምጡ።

የሽያጩን መስመሮች መደመር

በመደብ ላይ ሳንቲም የሚመጣው ከሩብና ከግማሽ ኪሎ ነው። ቲማቲም በኪሎ 45 ብር በሚሸጥበት ቀን ግማሽ ኪሎው 22 ብር ከ50፣ ሩቡ 11 ብር ከ25 ይሆናል። ሽንኩርቱ በ60 ብር ከሆነ ግን ግማሹም ሩቡም ድፍን ብር ነው። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ለመደመር ብቻ አይደለም፤ የተጻፈው ቁጥር ከዋጋው ጋር የማይሄድ ሲሆን ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል።

መስመሮቹን በአንድ ትንፋሽ ከላይ እስከ ታች አይደምሩ። በየአሥር መስመሩ በእርሳስ ያስምሩና እያንዳንዱን አሥር ለብቻው ደምረው ንዑስ ድምሩን በጎን ይጻፉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዘጠና መስመር ደምረው ሲሳሳቱ ዘጠናውን እንደገና መድገም ይኖርብዎታል፤ በአሥር ከከፋፈሉት ግን የሚደገመው አሥሩ ብቻ ነው። ብሩንና ሳንቲሙን ደግሞ ለየብቻ መደመር ለእጅ ሒሳብ ይቀላል። ከዚያ ቀን ቅጠል ላይ አንዱ አሥር መስመር እንዲህ ይላል፦

45/00
22/50
90/00
11/25
67/50
135/00
30/00
18/00
45/00
60/00

መጀመሪያ ብሩን ብቻ ሲደምሩት 523 ይመጣል። ሳንቲሙ 50፣ 25 እና 50 ስለሆነ በአንድ ላይ 125 ነው። ከመቶ ሃያ አምስቱ ሳንቲም መቶው አንድ ብር ሆኖ ወደ ብሩ ይሸጋገራል፤ 25ቱ ይቀራል። ንዑስ ድምሩ 524 ብር ከ25 ሳንቲም ሆነ ማለት ነው። ሳንቲሙን ለብቻ የመደመሩ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል፦ ግማሽና ሩብ ብቻ ስለሆኑ ሃምሳዎቹን ሁለት ሁለት፣ ሃያ አምስቶቹን አራት አራት አድርጎ በዓይን መቁጠር ይበቃል።

አሥሩን ከላይ ወደ ታች ከደመሩ በኋላ ሁለተኛ ጊዜ ከታች ወደ ላይ ይደምሩት። በተመሳሳይ አቅጣጫ መድገም ጥቅሙ ጥቂት ነው፤ ዓይንም ጣትም በአንድ መንገድ ሲሄዱ የቀደመውን ስሕተት ይደግሙታል። በዚህ አሥር ላይ የመጀመሪያው ድምሬ 587 ብር ከ25 ነበር፤ ከታች ወደ ላይ ስመለስ 524 ብር ከ25 መጣ። ልዩነቱ 63 ብር ነው። 63 ለዘጠኝ ሲካፈል ያለቀሪ ሰባት ይሆናል፤ ልዩነት ለዘጠኝ ያለቀሪ ሲካፈል የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ሁለት አኃዞች ቦታ መለዋወጣቸው ነው። ሰባት ደግሞ የሁለቱ አኃዞች ልዩነት መሆን አለበት። በአሥሩ መስመሮች ውስጥ በሰባት የሚለያዩ ጎረቤት አኃዞች ያሉት 18 ብቻ ነው፤ እኔ 81 ብዬ ነክቼዋለሁ። የተቆጠረው ሦስት መቶ ግራም ሽንኩርት ስለሆነ 18 ብር ልክ ነው።

የሁሉም አሥሮች ንዑስ ድምር ተጠቃልሎ የዚያ ቀን የሽያጭ መስመሮች 5,469 ብር ከ50 ሳንቲም ሆኑ። ይህ ቁጥር በወረቀቱ አናት ላይ ተጽፎ ይቀመጥና ለጊዜው ይረሳል። ሁለተኛውን መንገድ ሲሠሩ የመጀመሪያውን መልስ እያዩ መሥራት አይገባም፤ ሳያውቁት ሒሳቡን ወደዚያው ይስቡታልና።

ሣጥኑን በዓይነት በዓይነት መቁጠር

ከመስከረም 2013 የገንዘብ ለውጥ ወዲህ ባለ ሁለት መቶ ብር ኖት ተጨምሯል፤ በሣጥን ውስጥ የሚገኙት ኖቶች ባለ 200፣ ባለ 100፣ ባለ 50፣ ባለ 10 እና ባለ 5 ናቸው። ከሳንቲሞች የአንድ ብሩ፣ ሽልንጉ ማለትም ሃምሳ ሳንቲሙ፣ ስሙኒው ማለትም ሃያ አምስት ሳንቲሙ፣ አልፎ አልፎም አሥር ሳንቲሙ ይገኛል። እነዚህን ቀላቅሎ እየቆጠሩ መደመር ክልክል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እያንዳንዱ ዓይነት ለብቻው ተከምሮ፣ ብዛቱ ተቆጥሮ፣ ከዚያ በዋጋው ይባዛል።

ሳንቲሞቹን ሲከምሩ እያንዳንዱ ክምር ድፍን አሥር ብር እንዲሆን ያድርጉ፦ ከአንድ ብሩ አሥር፣ ከሽልንጉ ሃያ፣ ከስሙኒው አርባ። ስሙኒውና ሽልንጉ ሁለቱም ነጭ ስለሆኑ በደበዘዘ ብርሃን በቀለም አይለዩም፤ በመጠን ይለዩ፤ ክምሩን በጣት ዳሰው የተለየ ጠርዝ ያለው ካለ ያውጡ። ሽልንግ ክምር ውስጥ የገባ አንድ ስሙኒ የሚያሳስተው ሃያ አምስት ሳንቲም ብቻ ቢሆንም፣ የሳንቲሙ ጭራ እንዳይገጥም ስለሚያደርግ ከዋጋው በላይ ጊዜ ይበላል።

አክስቴ በመደቡ ላይ ቆጥራ የጻፈችው እንዲህ ነበር፦

200 – 6
100 – 14
50 – 23
10 – 47
5 – 90
ድፍን – 36
ሽልንግ – 27
ስሙኒ – 14
10 ሳንቲም – 15

ማባዛቱ ከላይ ይጀመራል። ስድስት ባለ ሁለት መቶ 1,200 ብር፤ ዐሥራ አራት ባለ መቶ 1,400 ብር ነው። ባለ ሃምሳን ለማባዛት የሚቀለው ብዛቱን በመቶ አባዝቶ ለሁለት መክፈል ነው፦ ሃያ ሦስት መቶ 2,300 ነው፤ ግማሹ 1,150 ብር። አርባ ሰባት ባለ አሥር 470 ብር። ድፍን ያለችው የአንድ ብር ሳንቲሙን ነው፤ 36 ብር። ሽልንጉን ለሁለት ይክፈሉት፤ ሃያ ሰባት ሽልንግ ዐሥራ ሦስት ብር ሆኖ አንድ ይተርፋል፤ 13 ብር ከ50። ስሙኒውን ለአራት ይክፈሉት፤ ዐሥራ አራት ስሙኒ ሦስት ብር ሆኖ ሁለት ይተርፋል፤ 3 ብር ከ50። ዐሥራ አምስቱ አሥር ሳንቲም 1 ብር ከ50 ነው።

ባለ አምስቱን ሆን ብዬ ዘልዬዋለሁ፤ በዚያ ማታ ግን አልዘለልኩትም። እንደ ሌሎቹ መስመሮች ዘጠናውን በአምስት አባዝቼ 450 ብር አልኩና የሣጥኑን ድምር 4,724 ብር ከ50 አደረግሁት። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ቆጠራውን በስልክ ላይ ባለ የሰንጠረዥ መተግበሪያ የሚሠራ ሰው ዋጋውን በአንድ ዓምድ፣ ብዛቱን በሚቀጥለው ዓምድ አስገብቶ ድምሩን በዚህ ቀመር ያገኘዋል፤ ሽልንጉ 0.50፣ ስሙኒው 0.25፣ አሥር ሳንቲሙ 0.10 ተብሎ መግባት አለበት።

```
=SUMPRODUCT(A2:A10,B2:B10)
```

ነገር ግን የሽያጩን መስመሮች በዚያው ሰንጠረዥ ላይ በሕዝባር አያስገቡ። 11/25 የሚለውን መተግበሪያው እንደ ቀን ሊቆጥረው ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚደመረው ዐሥራ አንድ ብር ከሃያ አምስት ሳይሆን ምንም የማይመስል ትልቅ ቁጥር ነው።

ከሣጥኑ ወደ ሽያጩ መመለስ

በሣጥኑ ውስጥ ያለው ገንዘብ የቀኑ ሽያጭ አይደለም። ይህን የሚስት ብዙ ነጋዴ አለ፤ ማታ የቆጠረውን «የዛሬ ሽያጬ» ይለዋል። በሣጥኑ ውስጥ ያልተሸጠበት ገንዘብ አለ፤ ከሣጥኑ ደግሞ ተሸጦበት የወጣ፣ ወይም ጭራሽ ያልገባ ገንዘብ አለ። ሁለቱንም ማስተካከል ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ የጠዋቱ መነሻ ዝርዝር ይቀነሳል። አክስቴ ለመልስ የሚሆናት 350 ብር ይዛ ወጥታ ነበር። ከዚያ ቀን ላይ ከሣጥኑ የወጣው ሁሉ ተመልሶ ይደመራል፤ ይህ ገንዘብ ከሽያጭ ገብቶ የወጣ ነውና። የዚያ ቀን የጠርዝ ማስታወሻ ለዕለታዊ ዕቁብ 500፣ ለተሸካሚ 60፣ ለምሳና ለሻይ 85፣ ለፌስታል 40 ይላል፤ በአንድ ላይ 685 ብር። ዕቁቡ ትርፍ ነው ወይስ ወጪ ነው የሚለው ክርክር እዚህ ቦታ የለውም፤ ከሣጥኑ ወጥቷል፤ ይደመራል።

ቀጥሎ በስልክ የተከፈለው ይደመራል። በዚያ ቀን ሦስት ደንበኞች በቴሌብር 240፣ 175 እና 310 ብር ከፍለዋል፤ ድምሩ 725 ብር ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ማረጋገጥ ያስፈልጋል። መቆጠር ያለበት በነጋዴዋ ስልክ ላይ የደረሰው መልእክት እንጂ ደንበኛው በራሱ ስልክ ያሳየው አይደለም። ሌላው ሰዓቱና ቀኑ ነው፤ በመልእክቱ ላይ ያለው በፈረንጆች አቆጣጠር ሲሆን ሰዓቱም ከእኩለ ሌሊት ይቆጠራል። 14፡20 የሚለው የእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ20 ነው። ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ፣ ቅጠሉ ከተዘጋ ወዲያ የገባ ክፍያ ካለ የሚቆጠረው በነገው ቅጠል ላይ ነው።

በመጨረሻ ዱቤ ይመጣል። ዛሬ በዱቤ የተሰጠው ዕቃ ዛሬ ተሽጧል፤ ገንዘቡ ስላልገባ ግን በሣጥኑ ውስጥ የለም። ስለዚህ ይደመራል። በዚያ ቀን 130 እና 95 ብር፣ በድምሩ 225 ብር ዱቤ ወጥቷል፤ በሽያጩ መስመሮች ውስጥም «ዱ» የሚል ምልክት ተደርጎባቸው ተካትተዋል። በተቃራኒው አንዲት ደንበኛ ያለፈ ሳምንት ዕዳዋን 180 ብር በጥሬው ከፍላለች። ይህ ገንዘብ በሣጥኑ ውስጥ አለ፤ ዕቃው ግን የተሸጠው ባለፈው ሳምንት ነው። ስለዚህ ይቀነሳል። ዱቤን በተከፈለበት ቀን የሚቆጥሩ ነጋዴዎች አሉ፤ ያም ቢሆን ያስኬዳል፤ ነገር ግን ከሁለቱ አንዱን መርጦ መጽናት እንጂ ሲሰጥም ሲከፈልም መቁጠር አንዱን ሽያጭ ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው።

እንግዲህ ስሌቱ ይህ ነው፦ የተቆጠረው ጥሬ ብር፣ ሲቀነስ መነሻው፣ ሲደመር ከሣጥን የወጣው፣ ሲደመር የቴሌብሩ፣ ሲደመር የዛሬ ዱቤ፣ ሲቀነስ የተሰበሰበ የቆየ ዱቤ። በ4,724 ብር ከ50 ጀምሬ ስሠራው 5,829 ብር ከ50 አመጣልኝ። የሽያጩ መስመሮች ያሉት ግን 5,469 ብር ከ50 ነው። የ360 ብር ልዩነት።

ሁለቱ ድምሮች ሳይገጥሙ ሲቀሩ

ልዩነት ሲገኝ በመጀመሪያ የሚታየው የሳንቲሙ ጭራ ነው። እዚህ በሁለቱም በኩል 50 ሳንቲም ስለሆነ ሽልንጉንና ስሙኒውን እንደገና የመቁጠር አስፈላጊነት በጣም ይቀንሳል፤ ስሕተቱ በድፍን ብር ላይ ነው ብሎ መጀመር ይቻላል።

ቀጥሎ ልዩነቱን ለሁለት ይክፈሉት። መቀነስ ያለበት ነገር ከተደመረ ወይም መደመር ያለበት ከተቀነሰ፣ ልዩነቱ የዚያ ነገር እጥፍ ይሆናል። የ360 ግማሽ 180 ነው፤ በስሌቱ ውስጥ ደግሞ ልክ 180 የሆነ መስመር አለ፤ የቆየው ዱቤ። ተገኘ ብዬ ደስ አለኝ። ስመለከተው ግን በትክክል ተቀንሷል። እዚያ ላይ ምንም ስሕተት አልነበረም።

ከዚያ ለዘጠኝ አካፈልኩት፤ ያለቀሪ 40 መጣ። ይህ ደግሞ የአኃዝ መለዋወጥን ወይም አንድ ዜሮ መጨመርን፣ ለምሳሌ 40 የሚለውን 400 ብሎ ማንበብን፣ ያስጠረጥራል። ቅጠሉን ከላይ እስከ ታች ፈለግሁ፤ ሊሆን የሚችል መስመር አላገኘሁም። አንድ ልዩነት ከአንድ በላይ ማብራሪያ ሊኖረው እንደሚችል የተረዳሁት በእንዲህ ዓይነት ማታ ነው። የዘጠኙም የግማሹም ፍተሻ የት መፈለግ እንደሚጀመር ይጠቁማል፤ ያ ስሕተት መፈጸሙን ግን አያረጋግጥም። ማረጋገጫው የተጻፈውን ከዕቃው ወይም ከገንዘቡ ጋር ማገናኘት ብቻ ነው።

ሦስተኛው ፍተሻ በእጅ ጽሑፍ ዝርዝር ላይ ከሌሎቹ ይልቅ ፍሬ የሚሰጥ ሲሆን፣ ብዙ ሰው የማያስበው ነው። በቆጠራው ውስጥ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር የኖቶቹ ብዛት ነው ወይስ የብሩ መጠን? ሰው ሲቆጥር አንዳንዱን ዓይነት በብዛት፣ አንዳንዱን «አምስት፣ አሥር፣ ዐሥራ አምስት…» እያለ በብሩ ይቆጥራል፤ የጻፈውም እንደቆጠረው ነው። በተለይ ባለ አምስት እና ባለ አሥር እንዲህ ለመቆጠር ይመቻሉ። የብሩ መጠን እንደ ብዛት ተወስዶ ሲባዛ፣ ልዩነቱ በባለ አምስት የተጻፈው ቁጥር አራት እጥፍ፣ በባለ አሥር ደግሞ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። 360ን ለአራት ስከፍለው 90 መጣ። ቅጠሉ ላይ «5 – 90» የሚል አለ።

«አክስቴ፣ ይቺ ዘጠና ኖቱ ናት ወይስ ብሩ?» አልኳት።

«ዘጠና ኖት ባለ አምስት ማን ይሰጠኛል ልጄ? ብሩ ነው እንጂ።»

ቃሏን ብቻ ይዤ ግን አላረምኩም። ጣሳውን ከፍቼ ባለ አምስቶቹን ቆጠርኳቸው፤ ዐሥራ ስምንት ናቸው፤ 90 ብር። የሣጥኑ ድምር 4,364 ብር ከ50 ሆነ። ከዚያ 350 ሲቀነስ 4,014 ብር ከ50፤ 685 ሲደመር 4,699 ብር ከ50፤ 725 ሲደመር 5,424 ብር ከ50፤ 225 ሲደመር 5,649 ብር ከ50፤ 180 ሲቀነስ 5,469 ብር ከ50። ከሽያጩ መስመሮች ጋር ገጠመ።

ይህን ስሕተት አስቀድሞ ለማወቅ የሚረዳ አንድ ምልክት አለ። ቁጥሩ የብር መጠን ከሆነ ለኖቱ ዋጋ ያለቀሪ መካፈል አለበት። «10 – 47» የብር መጠን ሊሆን አይችልም፤ አርባ ሰባት ብር በባለ አሥር አይመጣምና። ስለዚህ ያ በእርግጠኝነት ብዛት ነው። «50 – 23» እንዲሁ። «5 – 90» ግን ሁለቱንም ሊሆን ይችላል፤ «10 – 40» ቢኖር እሱም እንደዚያው። እንዲህ ያሉትን መስመሮች ገና ሲያነቡ ምልክት አድርገው ኖቶቹን መቁጠር፣ በኋላ ግማሽ ሰዓት ከመፈለግ ያድናል። ከሁሉ የሚሻለው ግን አጻጻፉን መለወጥ ነው፤ አክስቴ አሁን ከቁጥሩ ኋላ «ኖት» ወይም «ብር» ብላ ትጽፋለች፤ ቸኩላ የተወችው ካለ እጠይቃታለሁ።

ሁሉም ተፈትሾ ሁለት ወይም ሦስት ብር የሚቀርበት ቀን አለ። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ 11 ብር ከ25 ተጽፎ ስሙኒ በመታጣቱ 11 ብር መቀበል ነው። ይህን ለማስቀረት የሚጻፈው የዕቃው ዋጋ ሳይሆን በእጅ የገባው መሆን አለበት። ያልተገኘውን ልዩነት ግን አንድ መስመር ፈልስፎ ማስገጠም አይገባም፤ «ጎደለ 2 ብር» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። በየቀኑ በአንድ አቅጣጫ የሚጎድል ከሆነ፣ ለምሳሌ ሳምንቱን ሙሉ ከሃያ ብር ያላነሰ የሚጠፋ ከሆነ፣ የማይጻፍ ወጪ አለ ማለት ነው፤ በእኛ ቤት ከመደቡ ጎን ለጎን ለሚጠጣው ቡና የሚከፈለው ሆኖ ተገኝቷል።

የነገውን መነሻ መለየት

ድምሩ ከገጠመ በኋላ ወደ ባንክ የሚሄደውና ለነገ የሚቀረው ይለያል። ለመልስ የሚያገለግሉት ትንንሾቹ ስለሆኑ ትልልቆቹ ይወጣሉ። በዚያ ማታ ስድስቱን ባለ ሁለት መቶ፣ ዐሥራ አራቱን ባለ መቶ፣ ሃያ ሦስቱን ባለ ሃምሳ እና ከባለ አሥሩ ሃያ አምስቱን አወጣን፤ 1,200፣ 1,400፣ 1,150 እና 250፣ በጠቅላላው 4,000 ብር። በጣሳው የቀሩት ሃያ ሁለት ባለ አሥር፣ ዐሥራ ስምንት ባለ አምስት፣ ሠላሳ ስድስት ድፍንና የቀሩት ሳንቲሞች ሲሆኑ፣ 364 ብር ከ50 ይሆናሉ።

አክስቴ በልማድ «ሦስት መቶ ሃምሳ» ልትጽፍ ነበር። ነገ የሚቀነሰው መነሻ ግን 350 ሳይሆን በጣሳው ውስጥ ያለው 364 ብር ከ50 ነው፤ በአዲሱ ቅጠል አናት ላይ የተጻፈውም እሱ ነው።